ሞኖ የያዘውን ልጅ ማስታመም፦ ጣፊያው ወደ ልኩ እስኪመለስ ምን እናድርግ?

ሞኖ በያዘው ልጅ ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ጉሮሮው ነው። ቶንሲሉ አብጦ ነጭ ሽፋን ይለብሳል፣ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያቅተዋል። ቤተሰብ የሚጨነቀውም ለዚሁ ነው። ጉሮሮው ግን ብዙውን ጊዜ በራሱ ይድናል። እኔ ይበልጥ እንድትጠነቀቁለት የምፈልገው ጣፊያውን ነው። ጣፊያ ምንም ሳያምም ሊያብጥ ይችላል። ልጁ ትኩሳቱ ጠፍቶ፣ መብላት ጀምሮ፣ «ድኛለሁ» ብሎ ኳሱን በሚያነሳበት ሳምንት ጣፊያው ገና አብጦ ሊሆን ይችላል።

ስለ በሽታው በአጭሩ ልበል። ሙሉ ስሙ ሞኖኑክሊዮሲስ ነው። እንግሊዝ ያላችሁ «ግላንዱላር ፊቨር»፣ እስራኤል ያላችሁ «ማሃላት ሃነሺካ» ሲባል ትሰማላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ኤፕስታይን-ባር የተባለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ የተገኘው በ1964 ሲሆን፣ ከኡጋንዳ ወደ ለንደን ከተላከ የልጆች ዕጢ ናሙና ውስጥ ነው። ሞኖን እንደሚያመጣ የታወቀው በ1968 ነው፤ ፊላደልፊያ ውስጥ ቫይረሱን የሚያጠና ቤተ ሙከራ ሠራተኛ በሞኖ ታማ ደሟ ሲመረመር።

ቫይረሱ ከሄርፒስ ቤተሰብ ነው። ይህን ስም ሰምቶ የሚደነግጥ ወላጅ አለ። አትደንግጡ። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ምች የሚያመጣው ቫይረስም፣ ጉድፍን የሚያመጣውም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ኤፕስታይን-ባር በዋናነት የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ልጁ አንድ ነውር ሠርቷል ማለት አይደለም።

«እኛ አገር እያለን እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም» የሚሉ አሉ። ነበረ። አገር ቤት አብዛኛው ሰው ቫይረሱን የሚይዘው ገና በሕፃንነቱ ነው። በዚያ ዕድሜ ደግሞ ወይ ምንም ሳይታይ፣ ወይ እንደ ተራ ጉንፋን ያልፋል። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ያደጉ ልጆቻችን ግን ብዙዎቹ ቫይረሱን ሳያገኙ እስከ ጉርምስና ይደርሳሉ። በዚያ ዕድሜ ሲይዛቸው በሽታው ይጠናል። እናትና አባት ምንም ሳይሆኑ የ17 ዓመቱ ልጅ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲታይ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቤተሰቡ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል እንበል። ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ኳስ ይጫወታል። ሰኞ ዕለት ጉሮሮውን አመመው፣ ማታ ትኩሳት መጣ።

እርምጃ 1፦ የመጀመሪያውን ቀን ጻፉ

ያ ሰኞ «ቀን 1» ነው። ካላንደር ላይ ወይም ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ሁሉ፣ ምርመራውም፣ ኳሱም፣ ከዚህ ቀን ይቆጠራል። የሚቆጠረው ምልክት ከታየበት ቀን ነው እንጂ ሐኪሙ «ሞኖ ነው» ካለበት ቀን አይደለም። ቀኑ በትክክል ካልታወቀ፣ ጉሮሮው ወይም ትኩሳቱ መጀመሩን እርግጠኛ የሆናችሁበትን ዘግየት ያለውን ቀን ውሰዱ። በሁለት ሦስት ቀን መዘግየት አይጎዳም፤ መቅደም ግን ይጎዳል።

እርምጃ 2፦ ስትሬፕ ነው ወይስ ሞኖ?

ስትሬፕ ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም ነው። የሁለቱም ጉሮሮ ይመሳሰላል። ሞኖን እንድትጠረጥሩ የሚያደርጉ ነገሮች ግን አሉ። በስትሬፕ ብዙውን ጊዜ የሚያብጠው ንፍፊት ከመንጋጋ በታች፣ ከአንገት ፊት ለፊት ያለው ነው። በሞኖ ከጆሮ ጀርባ ወደ ታች በአንገት ጎንና ኋላ ያለውም ያብጣል። ጠዋት ሲነሳ የዓይኑ ቆብ ካበጠ ያም አንድ ምልክት ነው። ከሁሉም በላይ ድካሙ አይመጣጠንም። ከአልጋ ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ደርሶ ሲመለስ የሚቀመጥበትን ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ችግር አለ። ቤት የቀረ አሞክሳሲሊን ካለ «ቶንሲል ነው» ተብሎ ይሰጠዋል። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ይባስ ብሎ ሞኖ የያዘው ሰው አሞክሳሲሊን ወይም አምፒሲሊን ሲወስድ ብዙ ጊዜ ሰውነቱን የሚያለብስ ቀይ ሽፍታ ይወጣበታል። ሽፍታው ከታየ መድኃኒቱን ላዘዘው ሐኪም ወዲያው ንገሩ። ይህ ሽፍታ ሁልጊዜ የእውነተኛ ፔኒሲሊን አለርጂ ማስረጃ አይደለም። ልጁ መዝገብ ላይ ዕድሜ ልኩን «አለርጂ አለበት» ተብሎ ከመጻፉ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። ስትሬፕ በምርመራ ከተረጋገጠ ግን አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል። ሁለቱ አብረው ሊይዙም ይችላሉ።

እርምጃ 3፦ ምርመራውን በትክክለኛው ጊዜ

ልጃችን ሐሙስ፣ በቀን 4፣ አርጀንት ኬር ሄደ። የስትሬፕ ምርመራው ነጻ ሆነ። ሞኖስፖት የሚባለው ፈጣን የደም ምርመራም ነጻ ሆነ። ቤተሰቡ «እንግዲህ ጉንፋን ነው» ብሎ ተመለሰ።

ሞኖስፖት የሚፈልገው ሰውነት የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ አካል እስኪበዛ ጊዜ ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ከአራት ታማሚዎች አንዱ ያህል ሞኖ እያለበት ውጤቱ ነጻ ሊል ይችላል። ስለዚህ በቀን 4 ነጻ የሆነ ውጤት ሞኖን አያስቀርም። ምልክቱ ከቀጠለ ከሳምንት በኋላ ይደገም። ልጃችን በቀን 9፣ ማክሰኞ፣ ሲደገምለት ሞኖ መሆኑ ታየ። ለትንንሽ ሕፃናት ሞኖስፖት ብዙም አያስተማምንም፤ ለእነሱ የቫይረሱን ፀረ እንግዳ አካል ለይቶ የሚያሳይ ሌላ የደም ምርመራ አለ።

ከሞኖስፖቱ ጋር ጠቅላላ የደም ቆጠራና የጉበት ምርመራ ቢሠራ ጥሩ ነው። በሞኖ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይበዛሉ፤ መልካቸውም ይለወጣል። ጉበትም በመጠኑ ይቆጣል። ሌላ ልትጠይቁት የሚገባ ነገር የኤችአይቪ ምርመራ ነው። አዲስ የተያዘ ሰው ላይ ኤችአይቪ ሞኖን ቁርጥ አድርጎ ሊመስል ይችላል። ለወጣት ልጅ ይህን ማንሳት ለወላጅ ይከብዳል፤ ሐኪሙ ከልጁ ጋር ለብቻው ያውራ።

ልጁ በቅርቡ ኢትዮጵያ ደርሶ ከመጣ ነገሩ ይለወጣል። ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ያለው፣ ከቆላ አካባቢ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ ወባ ይመርመር፣ ያውም በዚያው ቀን። ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «ከኢትዮጵያ መጥቷል፣ እዚህ እዚህ ቦታ ነበር» በሉ። አገር ቤት ላላችሁም እንደዚሁ ነው፤ ጣፊያን የሚያሳብጡ ወባ፣ ካላዛርና ሌሎችም አሉ። ጣፊያው ስላበጠ ብቻ «ሞኖ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ።

እርምጃ 4፦ ቤት ውስጥ ማስታመም

ቫይረሱን የሚያጠፋ የሚሰጥ መድኃኒት የለም። ሥራው ልጁ እንዲጠጣ፣ እንዲውጥና እንዲተኛ መርዳት ነው።

ለሕመሙና ለትኩሳቱ አሲታሚኖፌን፣ ማለትም ፓራሲታሞል፣ ወይም አይቡፕሮፌን ይበቃል። እንደ ትልቅ ሰው ለሚመዝን የ17 ዓመት ልጅ ፓራሲታሞል ከ500 እስከ 1,000 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 ማለፍ አይቻልም። በሞኖ ጉበት ስለሚቆጣ እኔ ከ3,000 ባይዘል እመርጣለሁ። የጉበት ምርመራው ከፍ ብሎ ከተገኘ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን። የጉንፋን ሽሮፖችና እንክብሎች ውስጥም ይኸው ፓራሲታሞል አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት መጠኑን ሳታውቁት ያሳልፈዋል። ለታናናሽ ልጆች መጠኑ በክብደት ነው። አስፕሪን ለልጅና ለወጣት አይሰጥም።

ለጉሮሮው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ መጉመጥመጥ ያስታግሳል። ምግቡ ለስላሳ ይሁን። አጥሚት፣ ሾርባ፣ የተልባ ውኃ፣ እርጎ። በርበሬው ይቆይ። ጾም ላይ ከሆነ የነፍስ አባቱን አነጋግሩ፤ ሳይበላ የሚውልበት ጊዜ አይደለም። አልኮል ጨርሶ አይነካ። ምን እንዳለበት የማይታወቅ የባሕል መድኃኒትም አትስጡት፤ የተቆጣ ጉበት ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነው።

ቶንሲሉ በጣም አብጦ መተንፈስ ከከበደው፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካዝረከረከ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ሽንት ካልሸና ቤት አታቆዩት። ኢመርጀንሲ ውሰዱት። ስቴሮይድ የሚሰጠው በአብዛኛው እንዲህ የአየር መንገዱ ሲጠብ ነው። ለተራ የሞኖ ጉሮሮ አይታዘዝም። «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ማስቆረጥ ፈጽሞ አይደረግም።

ቤት ያሉትን በተመለከተ ልጁን ለይቶ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ቫይረሱ ልጁ ከዳነ በኋላም ለወራት ምራቁ ውስጥ ይገኛል። አብዛኞቹ አዋቂዎችም ቀድመው ይዟቸዋል። ብርጭቆ፣ የውኃ ኮዳ፣ ማንኪያ ለብቻው ይሁን። ጉርሻውም ለጊዜው ይቅር።

እርምጃ 5፦ ጣፊያውን መጠበቅ

ጣፊያ በግራ በኩል፣ ከታችኞቹ ጎድን አጥንቶች ሥር የተሸሸገ፣ ጡጫ የሚያክል አካል ነው። በሞኖ ጊዜ በነጭ የደም ሴሎች ይሞላና ያብጣል። ሲያብጥ ሁለት ነገር ይሆናል። ሽፋኑ ይወጠርና ይሳሳል። ከጎድን አጥንቱ ከለላ ወጥቶም ወደ ሆድ ይወርዳል። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ጣፊያ በትንሽ ግፊት ሊቀደድ ይችላል። በውስጡ ብዙ ደም ስለሚያልፍ ከተቀደደ ደሙ ወደ ሆድ ይፈሳል።

ይህ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው። ከ1,000 ታማሚዎች ከ1 እስከ 5 ቢሆኑ ነው። ግን ከተመዘገቡት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምንም ሳይመታቸው ነው የተቀደደባቸው። «ኳስ ካልተጫወተ ምንም አይሆንም» የሚለው ለዚህ በቂ አይደለም። ጊዜውም ይታወቃል፤ ከአራቱ ሦስት ያህሉ በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት፣ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ደግሞ በ31 ቀናት ውስጥ ነው የደረሰባቸው። ካላንደሩን ያስጻፍኳችሁ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከቀን 1 እስከ ቀን 21 ድረስ ኳስ የለም፣ ሩጫ የለም፣ ጂም የለም። ትኩሳት ባይኖረውም ያው ነው። ልጆች ኳስ ይቅር ሲባሉ ይገባቸዋል። የሚረሱት ሌላው ነው። ከባድ ዕቃ ማንሳት ይቅር፤ የሩዝ ጆንያ፣ የውኃ ካርቶን፣ ሻንጣ ከመኪና ማውረድ። ከወንድሙ ጋር መታገል ይቅር። ትንሽ እህት ሆዱ ላይ እየዘለለች የምትጫወት ከሆነ ለእሷም ይነገራት። ሠርግ ካለ ይሂድ፣ ይቀመጥ፤ እስክስታው ግን ይቆይ። ቤተ ክርስቲያን ስግደቱንም ያሳልፍ፤ ወገብን አጥፎ ደጋግሞ መነሳትና መውደቅ ሆድን ይጫናል። ሰገራ ቢደርቅበትም ማማጥ ሆድ ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምራል። ውኃና ፍራፍሬ ስጡት፤ ካልሆነ ሐኪሙን የሚያለሰልስ መድኃኒት ጠይቁ።

አንዱን ከሁሉ ለይቼ ልናገር። ሆዱን ማንም አይሽ። «ጣፊያው አብጧል፣ ታሽቶ ይመለሳል» የሚል ወጌሻ ወይም ዘመድ አይጠፋም። ያበጠ ጣፊያ በማሸት አይመለስም፤ ሊቀደድ ግን ይችላል። በእሳት መተኮስም እንደዚሁ ቁስል ብቻ ነው የሚተርፈው። እናንተም «አብጧል ወይ?» ብላችሁ እየደጋገማችሁ አትጫኑት። ሐኪም ራሱ ሲነካው በቀስታ ነው፤ በእጅ ዳሰሳም ብዙ ጊዜ ያመልጣል።

መኪና ውስጥ ቀበቶው ይታሰር። ቀበቶ ጣፊያውን ይጫናል ብላችሁ እንዳታስወልቁት። የታችኛው ቀበቶ ከሆዱ በታች፣ ዳሌው ላይ ይረፍ።

እርምጃ 6፦ ጣፊያው ቢቀደድ በምን ይታወቃል?

ይህን ክፍል ለልጁም አንብቡለት፤ ሕመሙን መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው።

ዋናው ምልክት በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንቱ በታች የሚመጣ ሕመም ነው። ድንገት ሊመጣ ይችላል፤ ቀስ እያለም ሊጀምር ይችላል። ሌላው ብዙ ሰው የማያገናኘው ነው፤ የግራ ትከሻ ጫፍ ማመም። ትከሻው አልተመታም፣ እጁን ሲያንቀሳቅስም አይብስበትም። ግን ያመዋል፣ በጀርባው ሲተኛ ደግሞ ይብሳል። ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ከሳንባ በታች ያለውን ጡንቻ ሲቆጣው፣ በዚያ ነርቭ መስመር ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ሞኖ ይዞት የግራ ትከሻውን ያለ ምክንያት ያመመው ልጅ ወዲያው መታየት አለበት።

ደሙ ሲበዛ ማዞር ይመጣል፣ ሲቆም ዓይኑ ይጨልማል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል፣ ከንፈሩ ይገረጣል። ራሱን ሊስት ይችላል። እዚህ እስኪደርስ አትጠብቁ። መድማቱ ቀርፋፋ ከሆነ ሕመሙ ለሰዓታት ቀለል ብሎ ሊቆይና በኋላ በድንገት ሊብስ ይችላል።

ምልክቱ ከታየ አምቡላንስ ጥሩ። አሜሪካ 911፣ እንግሊዝ 999፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ እስራኤል 101፣ አዲስ አበባ የቀይ መስቀል 907 ነው። ልጁ መኪና አይንዳ። አምቡላንሱ እስኪመጣ በተመቸው በኩል ይተኛ። ማስታገሻ ሰጥታችሁ «እስኪ ትንሽ እንየው» አትበሉ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብም መጠጥም አትስጡት።

የምትናገሩት አጭር ይሁን። «ሞኖ አለበት። ምልክቱ ከጀመረ ይህን ያህል ቀን ሆኖታል። ግራ ሆዱንና ግራ ትከሻውን አሞታል። ስፕሊኑ፣ ማለትም ጣፊያው፣ ተቀዶ እንዳይሆን ፈርተናል።» እንግሊዝኛው ካቃታችሁ «ሞኖ» እና «ስፕሊን» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ እንኳ ደጋግማችሁ ተናገሩ። አሜሪካ ሆስፒታል በነጻ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ፤ «አምሃሪክ» በሉ። ታማሚው ልጅ ለራሱ እያስተረጎመ አይዋል።

ሆስፒታል ሲደርስ ደም መፍሰሱ በአልትራሳውንድና በሲቲ ስካን ይታያል። የደም ግፊቱ ከጸና ጣፊያውን ሳያወጡ በቅርብ ሊከታተሉት ይችላሉ፤ አንዳንዴም የሚደማውን ሥር በቀጭን ቱቦ ይዘጉታል። ግፊቱ እየወረደ ከሆነ ጣፊያውን በቀዶ ሕክምና ያወጡታል።

ጣፊያው ከወጣ ልጁ ይኖራል፣ ይማራል፣ ይጫወታል። ግን አንዳንድ ጀርሞችን የሚከላከልበት አቅም ይቀንሳል። የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባቶች ያስፈልጉታል። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ሲይዘው በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ለመሄድ ሲያስብም የወባ ነገር ለእሱ ከሌላው ሰው ይልቅ አደገኛ ነው። ወደ ቆላ የሚወርድ ከሆነ ከጉዞው በፊት የወባ መከላከያ ይታዘዝለት።

እርምጃ 7፦ ወደ ኳሱ መመለስ

ልጃችን በቀን 15 ትኩሳቱ ጠፋ። አሠልጣኙ ደወለ፤ ቅዳሜ ወሳኝ ጨዋታ አለ። ያ ቅዳሜ ቀን 20 ነው። መልሱ አይሆንም ነው። «ደህና ነኝ» ማለቱ እውነት ነው፤ ስሜቱ ግን ስለ ጣፊያው አይናገርም። ጣፊያ ብዙውን ጊዜ በጣም የሚያብጠው በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ ሲሆን፣ ወደ ልኩ ለመመለስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል።

በቀን 22 ትኩሳት ከሌለው፣ በደንብ ከበላና ከተኛ፣ ሐኪሙም ከተስማማ በእግር መንገድ ይጀምር፣ ከዚያ ቀለል ያለ ሶምሶማ። ማንም የማይነካው፣ ማንም የማይጋፋው እንቅስቃሴ መሆን አለበት። ክብደት ማንሳት አይደለም፤ ሲነሳ ትንፋሽ ይዞ ማማጥ አለና እሱ ይዘገያል።

ሰው የሚጋፋበት ጨዋታ፣ ኳስም ሆነ ቅርጫት ኳስ፣ ከ4 ሳምንት በፊት አይደለም። ቀን 29 ላይ ይመለስ ማለቴም አይደለም፤ ቢያንስ እስከዚያ ማለቴ ነው። እስከ 8 ሳምንት የሚያስጠብቁ ሐኪሞች አሉ፤ ጨዋታው ግጭት የበዛበት ከሆነ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የልጁ የኳስ ወቅት ቢያልቅ ይለቅ።

ብዙ ወላጅ «አልትራሳውንድ ይነሳና እንወቀው» ይላል። የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ከመታመሙ በፊት የልጁ ጣፊያ ምን ያህል እንደነበር አይታወቅም። ረጅምና ስፖርተኛ ልጅ በጤናውም ትልቅ ጣፊያ ሊኖረው ይችላል። አንድ ጊዜ የተነሳ ምስል «ልኩ ነው» ቢልም የቀኑን ቆጠራ አያስቀርም። ቀድሞ አብጦ የታየ ከሆነ ግን መመለሱን ለማየት መድገሙ ይጠቅማል።

እርምጃ 8፦ ድካሙ

ድካሙ የራሱ ጊዜ አለው። ጉሮሮው በሁለትና ሦስት ሳምንት ሲድን፣ ጣፊያው በወር ተኩል ሲመለስ፣ ድካሙ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ለአብዛኛው ሰው ቀስ በቀስ ይለቃል። በ2009 ቺካጎ አካባቢ በ301 ወጣቶች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር፤ ከሞኖ 6 ወር በኋላ 13 በመቶ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ 7 በመቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 4 በመቶ የሚሆኑት የረጅም ጊዜ የድካም ሕመም መስፈርትን ያሟሉ ነበር።

በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንደኛው ልጁን አልጋ ላይ ማዋል ነው። ቀኑን ሙሉ የተኛ ልጅ ሌሊት አይተኛም፤ ጡንቻውም ይደክማል፤ ስለዚህ ሲነሳ የባሰ ይደክመዋል። ሁለተኛው «ሰነፍክ» ማለት ነው። ኳሱን የሚወድ ልጅ ደረጃ ወጥቶ የሚቀመጥ ከሆነ ስንፍና አይደለም። ይህ ቃል ልጁን ያስደብቀዋል፤ አቅሙ ሳይኖረው ይሞክርና ለሦስት ቀን ይወድቃል።

የሚሻለው እንዲህ ነው። ልጁ ዛሬ ሳይወድቅ ሊሠራ የሚችለውን ትንሹን ነገር ፈልጉ። ለልጃችን በአምስተኛው ሳምንት ያ ነገር የ10 ደቂቃ የእግር መንገድና ሁለት ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነበር እንበል። ያንኑ በየቀኑ፣ ደህና ቀንም ሆነ መጥፎ ቀን፣ ሳይጨምርም ሳይቀንስም ለአንድ ሳምንት ያድርግ። ደህና በሆነበት ቀን ሁለት ሰዓት መሮጥ ነው የሚያበላሸው። ሳምንቱ በሰላም ካለፈ ጥቂት ይጨምር፤ 10 ደቂቃው 12 ይሁን፣ ሁለቱ ክፍለ ጊዜ ሦስት። መጨመሩ ልክ ነበር ወይ የሚለው የሚታወቀው በማግስቱና ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቀን ነው። ከወትሮው የባሰ ከወደቀ ወደ ቀድሞው መጠን መልሱት።

ጠዋት የሚነሳበት ሰዓት ቅዳሜና እሑድም አንድ ይሁን። ቀን ቢተኛ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት በፊት ይሁን።

ትምህርት ቤቱን ቀድማችሁ አነጋግሩ። አሜሪካ ከሆናችሁ የሐኪም ደብዳቤ ይዛችሁ ግማሽ ቀን መማር፣ የፈተና ጊዜ ማራዘም፣ ከስፖርት ክፍል ነጻ መሆንን ጠይቁ። ከረዘመ «504 ፕላን» የሚባለውን፣ ትምህርት ቤቱ ለታመመ ተማሪ የሚያመቻችበትን ዕቅድ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ «ደክሟል» ብቻ ሳይሆን ጣፊያው የሚጠበቅበት ቀን ይጻፍ፤ አለዚያ የስፖርት አስተማሪው ልጁን ሲያየው ደህና ይመስለዋል።

በ6ኛውና 8ኛው ሳምንት መካከል ድካሙ ምንም ካልቀነሰ ተመልሳችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ድካም ሁሉ የሞኖ አይደለም። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግርና ድብርት ይመርመሩ። ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ ካለበት፣ ወይም ንፍፊቱ እያደገና እየጠነከረ ከሆነ ቀጠሮውን አታዘግዩት።

6 ወር አልፎ ትንሽ ነገር በሠራ ቁጥር ለቀናት የሚወድቅ ከሆነ፣ እንቅልፍ የማያሳርፈው፣ ሐሳቡን መሰብሰብ የሚያቅተው ከሆነ ደግሞ «በስፖርት እናጠንክረው» የሚለውን ተዉት። እንዲህ ባለው ሁኔታ በግድ መጨመር ያብስበታል። ሐኪሙን «ኤም-ኢ/ሲ-ኤፍ-ኤስ» ስለሚባለው የረጅም ጊዜ የድካም ሕመም ጠይቁት። ስትሄዱ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱ፤ በየቀኑ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ምን ሠራ፣ በማግስቱ እንዴት ዋለ። ሐኪሙ በ15 ደቂቃ ቀጠሮ የማያየውን የሚያሳየው ይህ ወረቀት ነው።